ክሬቲን በሻይ ወይስ በጭማቂ?

ክሬቲን የሚወስዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ የቱንም ያህል ቢማሰል ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ ብርጭቆው ሥር እንደ ደቃቅ አሸዋ ይተኛል። አንዳንዱ ሻጩ ያጭበረበረው ይመስለዋል። ይሁንና በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ጠባዩ ይኸው ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 14 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከፍሪጅ በወጣ ውሃ መጠኑ ወደ 6 ግራም ይወርዳል፤ በ50 ዲግሪ ደግሞ ወደ 34 ግራም ከፍ ይላል።

የተለመደውን የቀን መጠን፣ 5 ግራም፣ ይዘን እናስላው። በሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 1.5 ግራም ገደማ ነው፤ የቀረው ይዘቅጣል። ውሃው ለብ ባለ ክፍል የቆየ ከሆነ 3.5 ግራም ይሟሟል። ለመጠጣት በሚመች ሙቀት ላይ ያለ ሻይ ግን ትንሽ ብርጭቆ እንኳ ቢሆን 5 ግራሙን ይችላል። ስለዚህ ሻዩን አፍልቶ መቅዳት፣ አፍ እስከማያቃጥል ድረስ ማብረድ፣ ዱቄቱን ጨምሮ ጠርቶ እስኪታይ ማማሰል፣ ከዚያም መጠጣት ነው። ተረስቶ ከቀዘቀዘ ነጭ ቅንጣት ተመልሶ ከሥሩ ሊቋጠር ይችላል። ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ የቀዘቀዘው ሻይ መሸከም ያቃተው ትርፍ ነው። ቢሞቅ ይሟሟል።

ዝቃጩን መዋጥም ምንም አይጎዳም። ጨጓራ ውስጥ ፈሳሽ ስላለ እዚያ መሟሟቱን ይቀጥላል። ጉዳቱ ዝቃጩ ከብርጭቆው ጋር ሲታጠብ ነው፤ ያኔ ሰውየው 5 ግራም ወሰድኩ እያለ ግማሹን እንኳ አልወሰደም። ብርጭቆውን በጥቂት ውሃ አለቅልቆ መጠጣት ይበቃል።

«ሙቀት አያበላሸውም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብቻ መሟሟትና መበላሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሬቲን ፈሳሽ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ክሬቲኒን ወደሚባል ለጡንቻ ወደማይጠቅም ነገር ይለወጣል። ለውጡን የሚያፋጥኑት ጊዜ፣ ኮምጣጣነትና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ለሦስት ቀን የተቀመጠ ፈሳሽ የአሲድ መጠኑ ፒኤች 3.5 ከሆነ፣ ይህም የብርቱካን ጭማቂን ያህል መኮምጠጥ ማለት ነው፣ ከክሬቲኑ 21 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ፒኤች 5.5 ላይ የሚጠፋው 4 በመቶ ገደማ ነው። የሚወራው ስለ ቀናት መሆኑን ልብ ይሏል። ሞቅ ያለ ሻይ፣ ሎሚ ቢጨመቅበትም፣ ተማስሎ ወዲያው ከተጠጣ የሚጠፋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የማይመከረው ጠዋት በጭማቂ በጥብጦ በጠርሙስ ይዞ መዋልና ለነገም ማሳደር ነው። አቮካዶን የመሰለ ወፍራም ጭማቂ ቅንጣቱን አንጠልጥሎ ስለሚይዝ ለመጠጣት ይመቻል፤ ተሟሟ ማለት ግን አይደለም።

ከስኳር ጋር መውሰድ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? በ1996 የታተመ የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች ጥናት ነው መነሻው። ተሳታፊዎቹ ለአምስት ቀናት በቀን አራት ጊዜ 5 ግራም ክሬቲን ይወስዱና ከግማሽ ሰዓት በኋላ 93 ግራም ስኳር ነክ ካርቦሃይድሬት ያለበት መጠጥ ይጠጡ ነበር። ጡንቻቸው ክሬቲን ብቻ ከወሰዱት 60 በመቶ የበለጠ ጭማሪ አሳየ፤ ኢንሱሊን ሲጨምር ክሬቲኑ ወደ ጡንቻ መግባቱ ስለሚያይል ነው። ነገር ግን ይህ በቀን ወደ 370 ግራም ስኳር ነው፤ ለተራ ሰው፣ ይልቁንም ስኳር ላለበት፣ የሚመከር አይመስለኝም። ኋላ የተሠራ ሌላ ጥናት ካርቦሃይድሬቱን በግማሽ ቀንሶ 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲያክልበት የኢንሱሊን ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የማይቸኩል ሰው በቀን 3 ግራም ብቻ ቢወስድ በአራት ሳምንት ገደማ ጡንቻው ይሞላል፤ ከምሳ ጋር መውሰድ ይበቃዋል።

ደረቁ ዱቄት ግን ጠንካራ ነው። በ40 ዲግሪ ከሦስት ዓመት በላይ ተቀምጦ የሚታይ መበላሸት እንዳላሳየ ተፈትኗል፤ ስለዚህ የድሬዳዋም ሆነ የዱባይ ቤት ሙቀት ብቻውን አያሰጋውም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ከምድጃ በላይ ባለ መደርደሪያ እንፋሎት ያገኘዋል። ፍሪጅ ውስጥ ማኖርም ይብሳል፤ ቀዝቃዛው ዕቃ ወጥቶ ሲከፈት የክፍሉ አየር ውስጡ ጤዛ ይሠራበታል። ክዳኑ በደንብ ይዘጋ፣ አብራ የምትመጣዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ትቆይ፣ መስፈሪያውም ደረቅ ይሁን። የጓጎለ ዱቄት ደረቅ ከሆነ ተፈጭቶ ይወሰዳል፤ ሆኖም በመስፈሪያው አንድ ሙሉ ማለት ድሮ የነበረውን ክብደት ላይሰጥ ስለሚችል በሚዛን መለካት ይሻላል። እርጥብ ማንኪያ ገብቶበት ጭቃ የመሰለ፣ ወይም ቀለሙና ሽታው የተለወጠ ከሆነ ይጣላል።