ጭሱ የት ሄደ? የቤንዚንና የኤሌክትሪክ መኪና ሒሳብ

 

ባለፈው ወር ክበባችን ባዘጋጀው ክርክር ላይ ተሸንፌያለሁ። ርዕሱ «የቤንዚን መኪና ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ?» የሚል ነበር። እኔ ለኤሌክትሪኩ ወገን ሆኜ «የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፣ እንዲያውም ጭስ ማውጫም የለውም!» ብዬ ጭብጨባ ስጠብቅ፣ ተከራካሪዬ ተነሳችና «ኤሌክትሪኩስ ከየት መጣ? እዚያ የሚመነጭበት ቦታ ጭስ ቢኖርስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ነጥቡን እሷ ወሰደች።

እልህ ያዘኝ። አጎቴ በቤንዚን መኪና ከሐዋሳ አዲስ አበባ በየሳምንቱ ስለሚመላለስ፣ ሒሳቡን በእሱ መንገድ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጎቴ የሚቀዳውን ቤንዚን በደብተር ይጽፋል፤ ለአንድ ጉዞ 22 ሊትር ይጨርሳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ቢመዘን ሦስት አራተኛ ኪሎ አይሞላም፤ ታዲያ ጭሱ እንዴት ከቤንዚኑ በለጠ? የሳይንስ ቲቸርን ጠየቅኳቸው። «ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ብቻውን አይወጣም፤ ከአየር ላይ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ይይዝና 44 ግራም ይሆናል» አሉኝ። ለካ ክብደቱን የጨመረው አየሩ ነው!

ስለዚህ 22 ሊትር በ2.3 ሲባዛ 50 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግን ይህ ከመኪናው የወጣው ብቻ ነው። ነዳጁ ከመሬት ሲወጣ፣ ሲጣራ፣ በመርከብ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ከዚያም በቦቴ እስከ ሐዋሳ ሲመጣ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ይህ አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ጠቅላላው 60 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። ሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሰውዬ አሉ። መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ በስክሪኑ ላይ አሳዩኝ። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚቆጥረው ነው። ለ275 ኪሎ ሜትር 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። ሆኖም ኤሌክትሪክ በረጅም ሽቦ ሲጓዝና ባትሪ ሲሞላ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አንድ አምስተኛው ባከነ ብንል፣ ባትሪው 44 እንዲያገኝ ጣቢያው 55 ማመንጨት አለበት።

ተከራካሪዬ የጠየቀችው እዚህ ላይ ነው። 55ቱ ከምን መነጨ?

መጀመሪያ ከድንጋይ ከሰል ነው እንበል። ለምሳሌ ደቡብ አፍሪካ አብዛኛውን ኤሌክትሪክ የምታመነጨው ከሰል አቃጥላ ነው። ከሰል የሚያነድ ጣቢያ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ የእኛ ጉዞ 55 ኪሎ ያወጣል። ቤንዚኑ 60፣ ኤሌክትሪኩ 55! ጭሱ አልጠፋም፣ ከመንገድ ተነስቶ ወደ ጣቢያው ሄደ እንጂ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳይ ደነገጥኩ፤ ልጅቷ ልክ ናት ማለት ነው።

ከዚያ የኛን ሀገር ሠራሁ። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ ነው፤ በኦሞ ወንዝ ላይ ካለው ግልገል ጊቤ 3፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከሕዳሴ ግድብና ከሌሎችም። የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስም አለ። ውኃ ተርባይን ሲያዞር የሚቃጠል ነገር የለም። ቢሆንም ዜሮ አልልም፤ ግድቡ ሲሠራ ሲሚንቶና ብረት አለ፣ ውኃው የሸፈነው ዕፅዋትም ሲበሰብስ ጋዝ ይለቃል። ይህ ሁሉ ለዘመናት ለሚመነጨው ኃይል ሲከፋፈል፣ እንደ ዓለም አቀፍ ግምት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 24 ግራም አካባቢ ነው። 55 ጊዜ 24 ግራም አንድ ኪሎ ከ300 ግራም ይሆናል። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፤ ከሰል ከሆነ 55 ኪሎ፣ የኛ ውኃ ከሆነ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ይህን ለአጎቴ ሳነብለት «የኔ ልጅ፣ ባትሪውን ስትሠሩት ጭስ የለም እንዴ?» አለኝ። አለ። ባትሪ የሚሠራበት ፋብሪካ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሲሠራ ወደ 4,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ገና ሳይነዳ ዕዳ አለበት ማለት ነው። ዕዳውን በኛ ሀገር እንክፈለው። በአንድ ጉዞ ከቤንዚኑ 58 ኪሎ ስለሚያተርፍ፣ 4,000 ለ58 ሲካፈል 69 ጉዞ ይሆናል። አጎቴ በሳምንት አንዴ ሄዶ አንዴ ይመለሳል፤ ስለዚህ በ8 ወር ገደማ ዕዳው አለቀ። ከሰል በሚያነዱበት ሀገር ግን በአንድ ጉዞ 5 ኪሎ ብቻ ስለሚያተርፍ 800 ጉዞ ይፈልጋል። ይህ 8 ዓመት ገደማ ነው!

አንድ ነገር ግን ልጨምር። መብራት ሲጠፋና መኪናው በናፍጣ ጄኔሬተር ቻርጅ ሲደረግ ሒሳቡ ይበላሻል። ትንሽ ጄኔሬተር በአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚሰጠው፤ ሊትሩ ደግሞ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ለአዲስ አበባው ጉዞ 16 ሊትር ይጨርሳል። ናፍጣው ከውጭ ሲመጣ ያወጣውን ስንጨምርበት ከ50 ኪሎ ያልፋል፤ እንደ ከሰሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ስትሄዱ፣ መብራት በጠፋ ሰዓት ጀርባው ላይ ዱዱዱ የሚል ድምፅ ካለ አዳምጡ። ጭሱ እዚያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ይህ ጥያቄ አጎቴ መኪና ሊቀይር ሲያስብ እቤታችንም መጥቷል። መልሴ ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪና ንጹሕ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ንጹሕ የሆነውን ያህል ነው። የኛ ደግሞ ከውኃ ስለሆነ ለኛ በጣም ያዋጣል።

ሒሳቡን ለተከራካሪዬ ሰጠኋት። አየችውና «እኔ እኮ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት፣ መልሱን አንተ አልመለስክም ነበር» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ነጥቡ ይገባታል።

እናንተም ቤታችሁ ባጃጅ ወይም መኪና ካለ፣ በሳምንት የሚቀዳውን ቤንዚን ጠይቁና በ2.3 አባዙ። ያገኛችሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱልኝ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ!