ሰባቱን በሦስት ምት መያዝ

በኖታ ወረቀት መጀመሪያ ላይ 7/8 ተጽፎ ያየ ሰው በቅድሚያ የሚሞክረው ከአንድ እስከ ሰባት መቁጠር ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ በየባሩ ሰባት ስምንተኛ ኖታዎች አሉ። በዚህ ስፍር የሚጨፍር ሰው ግን የሚረግጠው ሰባት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው። ራቸኒጻ የተባለውን የቡልጋሪያ ጭፈራ እንውሰድ። ሁለት አጫጭር ምቶች ይቀድማሉ፣ አንድ ረጅም ይከተላል። አጭሩ ሁለት ቅንጣት፣ ረጅሙ ሦስት ቅንጣት ስለሚይዝ 2+2+3 ተብሎ ይጻፋል። ጭፈራው ፈጣን ነው። አንዱ ባር በአንድ ሰከንድ ቢያልቅ አጭሩ ምት ከሰከንዱ ሁለት ሰባተኛውን፣ ረጅሙ ሦስት ሰባተኛውን ይወስዳል። በዚያች ሰከንድ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» ለማለት የሚሞክር ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሦስት ጊዜ ማጨብጨብ ግን ማንንም አይከብድም። እንግዲህ 7/8 የሚያዘው ሰባቱን በመቁጠር ሳይሆን ሁለቱንና ሦስቱን በመለየት ነው።

ለዚህ ቁጥር ሳይሆን አጫጭር ድምፅ ይበጃል። የደቡብ ሕንድ ሙዚቀኞች ምትን በአፍ ሲያጠኑ ሁለቱን «ታ-ካ»፣ ሦስቱን «ታ-ኪ-ታ» ይላሉ። ራቸኒጻ በዚህ አነጋገር «ታካ ታካ ታኪታ» ይሆናል። ቀስ ብሎ ሰባቱንም ድምፆች በእኩል ርቀት መጥራት፣ በየ«ታካው» እና በየ«ታኪታው» መነሻ ላይ ብቻ ማጨብጨብ ነው። ጭብጨባው ሲደላደል ድምፁን ወደ ውስጥ መመለስና እጅን ብቻ መተው ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጆሮ የሚከተለው «አጭር፣ አጭር፣ ረጅም» የሚለውን ቅርጽ ነው።

«ይህ እኮ አንድ ቅንጣት የጎደለው 4/4 ነው» የሚል ይኖራል። ሰባት ከስምንት በአንድ ማነሱ እርግጥ ነው፤ አባባሉ ግን ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ያቅተዋል። አንደኛ፣ የግሪኮቹ ካላማቲያኖስም ሰባት ቅንጣት አለው፤ ይሁንና ረጅሙ ምት የሚመጣው በመጀመሪያ ነው፣ 3+2+2። ድምሩ እኩል ቢሆንም በራቸኒጻ እግር ካላማቲያኖስን መጨፈር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቤላ ባርቶክ የማይክሮኮስሞስ የፒያኖ ስብስቡን የዘጋው በቡልጋሪያ ምት በተጻፉ ስድስት ጭፈራዎች ነው። ከእነዚህ ሁለተኛው 2+2+3 ሲሆን የመጨረሻው 3+3+2 ነው። የኋለኛው ድምር ስምንት ነው፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም፤ ቢሆንም እንደ ሌሎቹ ያነክሳል። ስለዚህ የማንከሱ ምክንያት የድምሩ ጎዶሎነት ሳይሆን እኩል ያልሆኑ ምቶች ጎን ለጎን መቆማቸው ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ይህ በዚያው ለተወለደ እንጂ ለሌላው አይሆንም» የሚል ነው። ኤሪን ሃነን እና ሳንድራ ትሬሀብ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች ይህን በከፊል ብቻ ይደግፋሉ። የሰሜን አሜሪካ አዋቂዎች በባልካን ምት ላይ የገባውን ስህተት ለመለየት ሲቸገሩ የስድስት ወር ሕፃናቶቻቸው ለይተዋል። የአሥራ ሁለት ወሮቹ ወደ አዋቂዎቹ አዘንብለው ቢገኙም የባልካን ሙዚቃ ለሁለት ሳምንት ሲሰሙ ችሎታው ተመልሶላቸዋል፤ አዋቂዎች በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ የዚያን ያህል አልተለወጡም። ከዚህ የሚወጣው ችሎታው በዘር የሚወረስ ሳይሆን በመስማት የሚቀረጽ መሆኑ ነው። አዋቂ ግን ዝም ብሎ መስማቱ ስለማይበቃው ምቶቹን በአፍና በእጅ ለይቶ መሥራት አለበት።

ስህተቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በረጅሙ ምት ላይ ነው። በ6/8 የሚጻፈውን ጭክጭካ የለመደ ጆሮ ረጅሙን ወደ ሁለት ቆርጦ ባሩን ስድስት ሊያደርገው ይችላል፤ 4/4 የለመደ ደግሞ ወደ አራት ጎትቶ ስምንት ያደርገዋል። ይህን ሜትሮኖም ያጋልጣል። በየሁለት ቅንጣቱ አንድ ጊዜ እንዲመታ አድርጎ ከመጀመሪያው ቅንጣት ጋር ማስነሳት ነው። በመጀመሪያው ባር በ1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ይመታል፤ በሁለተኛው ባር በ2፣ 4 እና 6 ላይ፣ ማለትም በጭብጨባዎቹ መካከል ይወድቃል፤ በሦስተኛው ባር መነሻ ላይ እንደገና ይገጥማል። በየባሩ መነሻ ላይ ከገጠመ ረጅሙ ምት ወይ ተቆርጧል ወይ ተጎትቷል። የመቧደን ዘዴው ግን ወሰን አለው፦ የፒንክ ፍሎይድ «መኒ» ባለ 7/4 ሲሆን ሰባቱ ምቶች እያንዳንዳቸው ለመቆጠር በቂ ጊዜ ስላላቸው ተራ ቆጠራ ይበቃል። መቧደን የግድ የሚሆነው ቅንጣቶቹ ከምላስ ሲፈጥኑ ነው።