የአንድ አክሲዮን የአንድ ቀን ስጋት

«ቫሊዩ አት ሪስክ» የሚባለው መለኪያ ለባለአክሲዮን የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከ100 የገበያ ቀናት በ99ኙ ኪሳራው ከስንት አይበልጥም? መልሱ ባብዛኛው በሁለት መንገድ ይሰላል። ገንዘቡ በሙሉ በአንድ ድርጅት አክሲዮን ላይ ሲውል የሁለቱም ጉድለት ይጋለጣል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ አክሲዮን ጥሩ ማሳያ ነው።

አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 መጀመሪያ የ100,000 ዶላር የሜታ አክሲዮን ነበረው እንበል። በሂስቶሪካል ሲሙሌሽን ስሌት ያለፉት 250 የገበያ ቀናት የዋጋ ለውጦች ከከፋው ጀምሮ ይደረደራሉ። የ250 አንድ በመቶ ሁለት ተኩል ስለሆነ ሦስተኛው የከፋ ቀን ይወሰዳል። እሱ የ4 በመቶ ቅናሽ ከሆነ መልሱ 4,000 ዶላር ነው። በፓራሜትሪክ ስሌት ግን የዋጋው ለውጥ የደወል ቅርጽ ያለውን ሥርጭት ይከተላል ተብሎ ይታሰባል። የዕለቱ መደበኛ ልይይት 2 በመቶ ቢሆን፣ በ2.33 ተባዝቶ 4,660 ዶላር ይመጣል።

የካቲት 2 ቀን ማምሻውን ሜታ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። የፌስቡክ የዕለት ተጠቃሚዎች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ መቀነሱ ታወቀ፤ በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወረደ። የባለአክሲዮኑ ኪሳራ 26,000 ዶላር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ይህ የመደበኛ ልይይቱ 13 እጥፍ ነው፤ በደወሉ ሒሳብ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ሊደርስ የማይገባው ነገር። የታሪክ ስሌቱም አላዳነም። አክሲዮኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ከሪፖርት ማግስት 19 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ያ ቀን ግን ከ250ው ቀን መስኮት ውጭ ስለሆነ ለስሌቱ እንዳልነበረ ነው።

ከውድቀቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። አዲሱ ቀን ከድርድሩ አናት ላይ ሲቀመጥ ሁለተኛ የነበረው ወደ ሦስተኛ ይወርዳል። እሱ የ5 በመቶ ቅናሽ ከነበረ የታሪክ ስሌቱ ከ4,000 ወደ 5,000 ዶላር ብቻ ከፍ ይላል። ውድቀቱ 26 በመቶ ቢሆን 60 በመቶ ለውጥ የለውም። ፓራሜትሪኩ በአንጻሩ መጠኑን ይሰማል፤ መደበኛ ልይይቱ ወደ 2.6 በመቶ አድጎ መልሱ 6,000 ዶላርን ይሻገራል። ከ250 ቀናት በኋላ ግን ያ ቀን ከመስኮቱ ሲወጣ፣ ገበያው ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ያሽቆለቁላል።

የጋራ ጉድለታቸው ሁሉንም ቀን እኩል ማየታቸው ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት በዓመት አራቴ፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ ይወጣል። ከ250 ቀናት አራቱ ደግሞ 1.6 በመቶ ናቸው፤ ማለትም መለኪያው ችላ ከሚለው አንድ በመቶ ይበልጣሉ። ብዙ አክሲዮን የያዘ ሰው የአንዱ ውድቀት በሌሎቹ ይቀልለታል፤ አንድ ብቻ የያዘ ግን ያን ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ይዞታ ያለፉትን የሪፖርት ማግስት ለውጦች ለብቻ አውጥቶ፣ አሥር ዓመት ወደኋላም ቢሆን፣ ከዕለታዊው ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ይበጃል።