በብር ሳይሆን በወር የተጻፈ ደብዳቤ

መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ፣ ልጃችን አበባየሆሽ ስትል ውላ ደክሟት ከተኛች በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ለራሳችን ደብዳቤ ጻፍን። ፖስታው ላይ «መስከረም 2018 ይከፈት» ብለን ከቤቱ ካርታና ከልደት ወረቀቶች ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ይዘቱ አጭር ነበር። በየወሩ 3,500 ብር ባንክ እናስገባለን፤ በዐሥር ዓመት 600 ሺህ ብር ገደማ ይኖረናል። ያኔ የወር ወጪያችን 6,000 ብር ስለነበረ፣ ይህ ገንዘብ ያለ ደመወዝ 100 ወር ያኖረናል ብለን አሰብን። በገንዘብ ራስን መቻል ማለት ለእኛ ይኸው ነበር፤ ደመወዝ ቢቀር ቤት የማይጎድልበት ጊዜ።

ቃላችንን ጠበቅን። አንድም ወር አላሳለፍንም። ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ማግስት ፖስታውን ቀድደን የባንክ ደብተሩን አጠገቡ ስናስቀምጥ ሒሳቡ ወደ 590 ሺህ ብር ይላል። በብር ካየነው ዕቅዱ ግቡን መትቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን የቤታችን የወር ወጪ ዛሬ 30 ሺህ ብር ነው። 590 ሺህን ለ30 ሺህ ስናካፍለው 20 ወር እንኳ አልሞላም። መቶ ወር ብለን የጀመርነው ሃያ ወር ሳይሞላ ቀረ። ባለቤቴ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችውና «የጻፍነው ትክክል ነበር፤ የጻፍንበት መስፈሪያ ነው የተሳሳተው» አለች።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው። ለዐሥር ዓመት በሚጻፍ ዕቅድ ውስጥ ብር መስፈሪያ ሊሆን አይችልም፤ መስፈሪያው ራሱ እያጠረ ይሄዳልና። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስንጽፍ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 21 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ ነበረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ መጠን ከጥቅምት 2010 ጀምሮ በዓመት 7 ከመቶ ነው። በመካከሉ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸው ጊዜያት አልፈዋል። ወለዱ ሒሳባችን ላይ ይጨመር ነበር፤ ጤፉ፣ ዘይቱና የትምህርት ቤት ክፍያው ግን ከወለዱ ቀድመው ይሄዱ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው የተወለደ ነው። በ2008 ሁለታችን በእጃችን የምናገኘው 9,500 ብር ነበር፤ 3,500 ብሩ ከዚያ ላይ ከመቶ 37 እጅ ያህል ነው። ዛሬ 37 ሺህ ብር እናገኛለን፤ የምናስቀምጠው ግን ያው 3,500 ነበር፣ ከመቶ 10 እጅ እንኳ አይሞላም። ደብዳቤው «3,500» ስላለን በታማኝነት 3,500 አስገባን፤ ደመወዝ ሲያድግ ቁጠባው አብሮ እንዲያድግ የሚል መስመር አልጻፍንም። አሁን ስናሰላው በየወሩ ሌላ ወደ 3,500 ብር የት እንደገባ ሳናውቀው ሲያልቅ ኖሯል።

ስለዚህ አዲሱን ደብዳቤ ስንጽፍ መስፈሪያውን ቀየርን። ማንኛውም ግብ የሚጻፈው በወር ነው። አንድ ወር ማለት ባለፈው ዓመት ለቤት ያወጣነው ገንዘብ በሙሉ ተደምሮ ለ12 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የአንድ ወር ወጪ ብቻ ወስዶ ማስላት ያሳስታል፤ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያና የዩኒፎርም ወር ነው፣ ፋሲካ ያለበት ወር የበግና የዶሮ ነው፣ ሌላው ወር ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። ዓመቱ ተደምሮ ሲካፈል ዕድሩም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ለቅሶና ሰርጉም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ዋጋ ሲጨምር ወሩም አብሮ ስለሚጨምር መስፈሪያው አያታልልም።

በዚህ ጉዳይ የሚያነብ ሰው ቶሎ የሚያገኘው ሌላ ቁጥር አለ፤ 300 ወር። መነሻው አሜሪካ ነው። ዊልያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ ተከትሎ ሲያሰላ፣ ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ካለው ሀብት 4 ከመቶ ቢያወጣና ከዚያ በኋላ መጠኑን በየዓመቱ ለዋጋ ንረት እያስተካከለ ቢቀጥል ገንዘቡ 30 ዓመት እንደሚያቆየው አገኘ። መቶን ለአራት ስናካፍል 25 ዓመት፣ ማለትም 300 ወር ይሆናል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ የጡረታ ቁጠባ በኩል አክሲዮን ለሚገዛ ወገናችን ይህ ጥሩ መነሻ ነው። አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ግን ከጀርባው ያለው ታሪክ የለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ የሰባ ዓመት መዝገብ ገና አልተጻፈም። ስለዚህ ቁጥሩን ወስደን እቤታችን አልሰቀልነውም። ይልቅ የራሳችንን ጥያቄ ጠየቅን፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሥራ ቢቀር ወይም ብናቆም፣ እስከ ጡረታ ዕድሜ ምን ያህል ወር መሸፈን አለብን?

እኔ ዛሬ 42 ዓመቴ ነው፤ ፖስታው ሲከፈት 52 እሆናለሁ። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ከደመወዜ ላይ 7 ከመቶ እኔ፣ 11 ከመቶ አሠሪዬ እናስገባለን። ጡረታው ብቻውን ቤት እንደማይሸፍን አውቃለሁ፤ ግን ከ60 በኋላ አንድ ምሰሶ ይሆናል። ስለዚህ የምንገነባው ከ52 እስከ 60 የሚያሻግር ድልድይ ነው። ይህ ሲገባን ዕቅዱ ከምኞት ወጥቶ የሚሰላ ነገር ሆነ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤

«መስከረም 2028 ላይ ይህን ለምታነበው እኔ።

ያለንን 20 ወር ለሁለት ከፍለነዋል። 6 ወሩ ባንክ ይቀመጣል። ዋጋው እየቀነሰ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ የተቀመጠው እንዲያድግ አይደለም፣ አንዳችን ብንታመም ወይም ሥራ ብናጣ አክሲዮን በርካሽ እንዳንሸጥ ነው። ከተነካ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቆሞ መጀመሪያ እሱ ይሞላል።

የቀረው ወደ 410 ሺህ ብር ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ይሠራበታል። የግንባታ ፈቃዱን መጀመሪያ እናወጣለን። የዘንድሮ ቁጠባችን በሙሉ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያ ነው። መስከረም 2019 ላይ ክፍሎቹ ተከራይተው በወር 10 ሺህ ብር ያስገባሉ፤ ግብሩና እድሳቱ ሲቀነስ 8,500 ብር ብለን ይዘናል። ይህ ከወጪያችን ከመቶ 28 እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ከደመወዛችን አምስት አንድ እጁን፣ ከኪራዩ ደግሞ ሙሉውን እናስቀምጣለን። በዛሬ ዋጋ 7,400 ሲደመር 8,500፣ 15,900 ብር። በሁለት ወር አንድ ወር፣ በዓመት ስድስት ወር ማለት ነው። ደመወዝ በጨመረ ቁጥር አምስት አንድ እጁ አብሮ ይጨምራል፤ ብሩን ሳይሆን እጁን እንጠብቃለን።

መስከረም 2022 ላይ 24 ወር ሊኖርህ ይገባል። 2025 ላይ 42 ወር። ዛሬ 60 ወር።»

ስልሳ ወር አምስት ዓመት ነው፤ ድልድዩ ግን ከዚያ ይረዝማል። ኪራዩ ከወጪው 28 እጁን እስከሸፈነ ድረስ ከተቀመጠው የምናወጣው የቀረውን 72 እጅ ብቻ ነው። 60 ወርን ለ0.72 ስናካፍለው 83 ወር፣ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናል። 52 ላይ ሰባት ሲጨመር 59። እስከ 60 የሚጎድለው አንድ ዓመት ነው፤ አንዳችን ከፊል ሥራ ብንሠራ ይሞላል።

ይህ ስሌት የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። የምናስቀምጠው ገንዘብ ቢያንስ ከዋጋ ንረት ጋር እኩል መራመድ አለበት። ዋጋ በዓመት 14 ከመቶ እየጨመረ ገንዘቡ በሙሉ በ7 ከመቶ ወለድ ቢቀመጥ፣ በዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምነው 54 ወር ወደ 42 ወር ይወርዳል። አንድም ቀን ሳናዛንፍ 12 ወር ያህል ይጠፋል። ለዚህ ነው ከስድስት ወር በላይ ባንክ አናስቀምጥም ያልነው። ከዚያ በላይ ያለው ከተለያዩ ድርጅቶች አክሲዮን ይገዛበታል፤ አንድ ድርጅት ላይ ከአሥር ወር በላይ ላናስቀምጥ ተስማምተናል። አክሲዮን ቢፈልጉት ባንድ ቀን ብር የሚሆን አይደለም፤ ትርፉም በየዓመቱ አንድ አይደለም። ስድስቱ ወር ባንክ የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው።

ዕቁብም ቦታ አለው፤ ግን ዕጣው በየተራው አንድ ዓይነት አይደለም። ዐሥር ሰው በወር 5,000 እየጣለ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት 50 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የወጣለት ያለ ወለድ አበደረ፤ 50 ሺህ ብሩ ዐሥር ወር ቆይቶ ሲደርሰው የሚገዛው ነገር አንሷል። የዕቁብ ጥቅሙ ማስገደዱ ነው። ስለዚህ አጭር ጊዜ የሚቆይ ዕቁብ እንገባለን፤ ዕጣው ሲደርሰን በዚያው ሳምንት አክሲዮን እንገዛበታለን።

ኪራዩም ወሰን አለው። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ መሠረት ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ነው። ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪ ይጠብቃል፤ ለእኛ ደግሞ ኪራዩ ከጤፍ ኋላ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። 28 እጁ ወደ 22 ቢወርድ 83 ወሩ ወደ 77 ያጥራል። በየዓመቱ የምንለካው ይህን ለማወቅ ነው።

መለኪያው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 2 በአንድ ደብተር ይጻፋል። የዓመቱ ወጪ ተደምሮ ለ12 ሲካፈል ስንት ነው? ያለን ለእሱ ሲካፈል ስንት ወር ነው? ኪራዩ ከወጪው ስንት እጅ ነው? ወሩ በዓመት ስድስት ቢጨምር መንገድ ላይ ነን። አራት ብቻ ከጨመረ የት እንደፈሰሰ እንፈልጋለን። እዚህ ላይ አንድ የሚደበቅ ነገር አለ፤ ወሩ የሚያንሰው ገበያው ስለተወደደ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ እኛ ኑሯችንን ስላሰፋንም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ደብተሩ ጀርባ ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ፣ የአምስት ሊትር ዘይትና የልጃችንን የትምህርት ቤት ክፍያ ዋጋ እንጽፋለን። እነሱ በአምስት አንድ ጨምረው የእኛ ወጪ በእጥፍ ካደገ ጥፋቱ የገበያው አይደለም።

አዲሱ ፖስታ አልታሸገም። የመጀመሪያውን አሽገን ዐሥር ዓመት ሳናየው ስለኖርን ነው 3,500 ብሩ ሲያንስ ያልታወቀን። ይህኛው በየመስከረሙ ወጥቶ ሦስት መስመር ተጽፎበት ይመለሳል። የዘንድሮው መስመር ተጽፏል፤ ወር፦ 30,000። ያለን፦ ከ20 ወር ትንሽ ያነሰ። ኪራይ፦ ገና። ባለቤቴ ከሥሩ በእርሳስ የሲሚንቶ ዋጋ ጽፋበታለች።