80 ያልነው ውሃ ለምን 90 ደረሰ?

በወተትና በመጠጥ ፋብሪካዎች ቧንቧና ማሽን የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚሞቀው በእንፋሎት ነው። ከቦይለር የመጣው እንፋሎት ታንከሩ ውስጥ በተጠመጠመ ቧንቧ ያልፋል። መጠኑን የሚወስነው ቫልቭ ሲሆን ቫልቩን ደግሞ የሚያዘው ፒ.አይ.ዲ. የሚባለው ተቆጣጣሪ ነው። ታንከሩ ሳምንቱን ሙሉ 80 ዲግሪ ላይ ረግቶ ይከርምና ሰኞ ጠዋት፣ ቀዝቅዞ ካደረበት ሲነሳ፣ 80ን አልፎ 90 ይደርሳል። ለመመለስም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ኦፕሬተሩ ጥገና ክፍል ይደውላል፤ ቴክኒሻኑ መጥቶ ቁጥሮቹን ይነካካል። እስከ አርብ ደህና ይሰነብትና ሰኞ ያው ይደገማል።

እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚሳበበው በቁጥሮቹ አመራረጥ ነው። ቁጥሮቹ ግን ትክክል ሆነውም ይህ ሊደርስ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ለማየት አንድ ታንከር ይዘን እናስላ።

ታንከሩ 1000 ሊትር ይይዛል። በየደቂቃው 50 ሊትር ሙቅ ውሃ ይወጣለታል፣ በምትኩ 50 ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ ይገባበታል፤ ፓምፕም ያለማቋረጥ ያማስለዋል። ተቆጣጣሪው የሚያየው ልዩነቱን ነው፤ ውሃው 60 ዲግሪ ላይ ቢሆንና የተፈለገው 80 ቢሆን ልዩነቱ 20 ነው። ፒ የሚባለው ክፍል ይህን ልዩነት በጌይን አባዝቶ ቫልቩን ይከፍታል። ችግሩ ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን የፒ ድርሻም ዜሮ መሆኑ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ግን መግባቱን ስለማያቆም ቫልቩ 80 ዲግሪ ላይም በተወሰነ መጠን ክፍት መቆየት አለበት። ያንን የሚያሟላው አይ የተባለው ክፍል ነው። አይ እንደ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ነው፤ ውሃው ከ80 በታች በቆየበት በእያንዳንዱ ደቂቃ ልዩነቱን እየመዘገበ ይደምራል፣ ከ80 በላይ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል፤ ድምሩም በቫልቩ ላይ ይጨመራል። ሦስተኛው፣ ዲ፣ የሙቀቱን የለውጥ ፍጥነት ያያል። ለእንዲህ ያለ ታንከር እምብዛም ስለማያስፈልግ ዘግተን እንለፈው።

ቁጥር ከመምረጥ በፊት ታንከሩን መጠየቅ ይቀድማል። ተቆጣጣሪው ማንዋል ላይ ይደረጋል፣ ቫልቩ 30 በመቶ ላይ ይቀመጣል፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ይጠበቃል። በእኛ ታንከር 56 ዲግሪ ላይ ይረጋል እንበል። ከዚያ ቫልቩ በአንድ ጊዜ ወደ 40 በመቶ ይከፈታልና እጅን ሰብስቦ መመልከት ነው። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም፤ ቫልቩ እስኪዞር፣ ቧንቧው እስኪሞቅ፣ ሴንሰሩም እስኪሰማው ጊዜ ይወስዳል። ይህ የሞተ ጊዜ ይባላል። ከዚያ መውጣት ይጀምርና በመጨረሻ 68 ላይ ይረጋል። የ10 በመቶ ለውጥ 12 ዲግሪ አመጣ ማለት ነው፤ ለአንድ በመቶ 1.2 ዲግሪ። ሦስተኛው መለኪያ ከጠቅላላው ለውጥ 63 በመቶው፣ ማለትም ወደ 7.5 ዲግሪ ገደማው፣ እስኪጠናቀቅ የፈጀው ጊዜ ነው። የሞተው ጊዜ ሳይቆጠር 20 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ቁጥር ከየትም አልመጣም፤ 1000 ሊትር ለ50 ሲካፈል 20 ነው።

ፈተናው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ አለ። በመሃል አንድ ሰው የመታጠቢያውን ፓምፕ ካስነሳ ውጤቱ ይበላሻልና ከደረጃው ሰዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ሦስቱ መለኪያዎች ከተገኙ ቀሪው ሒሳብ ነው። ዚግለርና ኒኮልስ በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ሲያወጡት የተቀበሉት ዓላማ ግን እያንዳንዱ መወዛወዝ ከቀደመው ሩብ ያህል እስኪሆን ድረስ ነበር። ለሙቅ ውሃ ታንከር ይህ ከልክ ያለፈ ቁጣ ይመስለኛል፤ ቫልቭም ይጎዳል። የኖርዌጂያኑ መምህር ሲጉርድ ስኮጌስታድ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር የበለጠ ይሻላል፤ ታንከሩ በምን ያህል ፍጥነት እንዲመልስ እንደምንፈልግ እኛኑ ስለሚጠይቀን ነው። ሦስት ደቂቃ ብንመርጥ፣ ጌይኑ 20 ተካፍሎ ለ1.2 እና ለአራት (ሦስቱ ደቂቃና አንዱ የሞተ ደቂቃ ተደምረው) ብዜት፣ ማለትም ወደ 4.2 ይሆናል። የአይ ጊዜ ደግሞ ከ20 ደቂቃውና የአራቱ ደቂቃ አራት እጥፍ ከሆነው 16 ትንሹ ነው፤ 16 ደቂቃ።

እነዚህን ሲያስገቡ መጠንቀቅ ያሻል። አንዳንዱ ተቆጣጣሪ የአይን ጊዜ በሰከንድ ይቀበላል፤ 16 ደቂቃ እንግዲህ 960 ሆኖ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ በጌይን ፈንታ የፒ ስፋት ይጠይቃል፤ ሴንሰሩ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ከተስተካከለ የእኛው 4.2 እዚያ 24 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። 4.2ን እንዳለ እዚህ ቦታ ያስገባ ሰው ቫልቩን ሲያንገጫግጭ ይውላል።

ቁጥሮቹ ገቡ። ታንከሩ 80 ላይ ሳለ ትንሽ ቢረበሽ በጥሩ ሁኔታ ይመለሳል። አሁን ሰኞ ጠዋት ነው እንበል፤ ውሃው 20 ዲግሪ፣ ልዩነቱ 60። ፒ ብቻውን 250 በመቶ ያዛል። ቫልቭ ከ100 በመቶ በላይ አይከፈትምና ጥጉ ላይ ይቆማል። እስከዚህ ምንም ጥፋት የለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሙሉ እንፋሎት መሞቁ ትክክል ነው። ውሃው 80 ለመድረስ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

በእነዚህ 15 ደቂቃዎች መዝገቡ ግን ሥራ አልፈታም። ቫልቩ ከዚህ በላይ ሊከፈት እንደማይችል ስለማያውቅ በየደቂቃው ዱቤ ይጽፋል። ቢሰላ፣ ውሃው 80 በደረሰባት ቅጽበት የአይ ድምር 112 በመቶ ገደማ ነው። ታንከሩን 80 ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ግን 50 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ዜሮ ሆኖም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ነው። ትርፉ 62 በመቶ የሚሰረዘው ውሃው ከ80 በላይ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ከልክ በላይ መሞቁ የዱቤው መክፈያ ሆነ ማለት ነው። በስሌቱ ውሃው ወደ 90.5 ዲግሪ ወጥቶ ቀስ እያለ ይመለሳል። በሙያው ይህ የአይ መጠራቀም ይባላል፤ ብዙዎች በእንግሊዝኛ ስሙ ዋይንድአፕ ይሉታል።

ቴክኒሻኑ ሰኞን ለማዳን ጌይኑን ቢቀንስ በተመሳሳይ የአይ ጊዜ ድምሩም ይቀንሳልና ትንሽ ይሻለው ይሆናል። በምላሹ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራውን ታንከር ዳተኛ ያደርገዋል። ትክክለኛው መፍትሔ ቫልቩ ጥጉ ላይ ሲደርስ መዝገቡ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። በፕሮግራም እንዲህ ይጻፋል፦

```
e = SP - PV
v = Kc * e + I
u = min(max(v, 0), 100)
if v == u or (v > 100 and e < 0) or (v < 0 and e > 0):
    I = I + Kc / Ti * e * dt
```

`SP` የተፈለገው ሙቀት፣ `PV` የተለካው፣ `u` ወደ ቫልቩ የሚሄደው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከ0 እና ከ100 መካከል ከሆነ መዝገቡ እንደወትሮው ይሠራል። ጥግ ላይ ሲሆን ከጥጉ የሚያወጣው ጽሑፍ ብቻ ይፈቀዳል፤ ወደ ጥጉ የሚገፋው አይጻፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። መዝገቡ ከዜሮ ተነሥቶ ከተዘጋ ቫልቩ 56 ዲግሪ ላይ መዘጋት ይጀምርና የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች እጅግ ይዘገያሉ፤ አይ ከዜሮ ተነሥቶ 50 መድረስ አለበትና። ኦፕሬተሩ ያን ጊዜ «ድሮ ይሻል ነበር» ቢል እውነቱን ነው። መድኃኒቱ ሲነሳ `I`ን 50 ላይ አስቀምጦ መጀመር ነው፤ ቁጥሩን ከፈተናው እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ቫልቩ 68 ዲግሪ አካባቢ መዘጋት ይጀምራል፣ ውሃው በ17 ደቂቃ ገደማ 80 ይደርሳል፣ የሚያልፈውም አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ሁለት ደቂቃ ከፍለን ዘጠኝ ዲግሪ ተረፈን።

ዝግጁ ተቆጣጣሪዎች አብዛኞቹ ይህን ጥበቃ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ገደቡ ከተቀመጠበት ቦታ። ቦይለሩ አነስተኛ ነውና ቫልቩ ከ70 በመቶ በላይ እንዳይከፈት ተወሰነ እንበል። ይህ 70 በራሱ በፒ.አይ.ዲ. የትእዛዝ ገደብ ላይ ከተጻፈ መዝገቡ 70 ላይ ይዘጋል። ከፒ.አይ.ዲ. በኋላ በሌላ የፕሮግራም ክፍል ወይም ቫልቩ ላይ በተገጠመው ፖዚሽነር ከተገደበ ግን ተቆጣጣሪው አሁንም እስከ 100 ድረስ መንገድ ያለው ይመስለዋልና በ70 እና በ100 መካከል ዱቤውን ይጽፋል። በእጅ የሚዘጋው የእንፋሎት ቫልቭ ተዘግቶ ሲረሳም እንዲሁ ነው፤ ስክሪኑ 100 ይላል፣ እንፋሎቱ ግን የለም። በታችኛው ጥግም ይኸው ይሠራል፦ እስከ 5 በመቶ ድረስ ምንም እንፋሎት የማያሳልፍ ቫልቭ ካለ ዝቅተኛው ገደብ 0 ሳይሆን 5 ሊሆን ይገባል።

የአመራረጥ ስህተትንና መጠራቀምን ለመለየት የሙቀቱንና የቫልቩን መስመር በአንድ ግራፍ ላይ ማየት ይበቃል። ቁጥሮቹ ከበዙ ሁለቱም መስመሮች ይወዛወዛሉ፣ በሁለት ዲግሪ ለውጥም ቢሆን፣ ማክሰኞም ቢሆን። መጠራቀም ከሆነ ትንሹ ለውጥ ሰላም ነው፤ ትልቁ ብቻ አንዴ ያልፋል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዋናው ምልክት የቫልቩ መስመር ከ100 የወረደበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ታንከሩን ለኦፕሬተሮች ከማስረከብ በፊት ውሃውን 20 ዲግሪ ላይ አርግቶ የተፈለገውን ወደ 80 ማንሳት ጥሩ ፈተና ነው። ቫልቩ ወዲያው 100 ይደርሳል። ሙቀቱ 80 ሳይደርስ መውረድ ከጀመረ መዝገቡ በጊዜው ተዘግቷል። ሙቀቱ 80 ካለፈም በኋላ 100 ላይ ከቀረ፣ ጌይኑን ከመንካት በፊት ገደቡ የት እንደተጻፈ መፈለግ ነው።