ልጁ ከማን ጋር ይኑር? ቀለቡስ ስንት ይሁን?

ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጉዳይ ለሌላ ቀን ሊያሳድረው አይችልም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 እንደሚያዘው ፍቺውን የወሰነው ችሎት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ቀለባቸውን ማን እንደሚሰጥ እንዲሁም አብሯቸው የማይኖረው ወላጅ መቼና እንዴት እንደሚያገኛቸው አብሮ ይወስናል። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ሆኖም ዳኛው የትም ይቀመጥ የት ከአንድ ድንጋጌ አያመልጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ በቀዳሚነት የልጁን ደኅንነት እንዲያስቡ ያስገድዳል።

ዳኛው ምን ምን ማየት እንዳለበት ሕጉ ዘርዝሯል። የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹም ዕድሜና ጥቅም ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን አስቀርቷል። ዛሬም ጡት የሚጠባ ሕፃን ብዙ ጊዜ ከእናቱ አይለይም፤ ያ የሚሆነው ግን ዳኛው የዚያን ሕፃን ሁኔታ መዝኖ እንጂ እናት በመሆኗ ብቻ አይደለም።

ከእነዚህ መመዘኛዎች ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ገቢ ነው። የተሻለ ደመወዝ ያለው ወላጅ ልጁን የሚያሸንፍ ይመስለዋል፤ ሌላኛው ደግሞ በድህነቱ ምክንያት ልጁን የሚነጠቅ መስሎት ገና ከጅምሩ ተስፋ ይቆርጣል። የገንዘብ ጉድለት ግን በቀለብ ይሞላል። ጊዜ፣ ትዕግሥትና ልጁ የለመደው እንክብካቤ ግን በወር ክፍያ አይተኩም። ስለዚህ አስተዋይ ዳኛ ልጁን ማን እንደሚያሳድገው በመጀመሪያ ይመዝናል፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ የልጁ ጥቅም ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። ክርክሩ በአባትና በአክስት መካከል ነበር። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ስትሆን አባትየው በእነዚያ ዓመታት ልጁን ዞር ብሎ አላየውም። የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች አንዱ ወላጅ ሲሞት ሌላው ሞግዚትና አሳዳሪ ይሆናል የሚለውን የክልሉን ሕግ ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። የወላጅ መብት ከልጁ ደኅንነት ጋር ሲጋጭ የሚቀድመው የልጁ ደኅንነት ነው። ጉዳዩ የፍቺ ባይሆንም የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ የፍቺ ችሎቶችም ይመሩበታል።

አሠራሩ በምሳሌ ሲታይ ይቀላል። አንድ የኩባንያ ሾፌርና እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሚስቱ ተፋቱ እንበል። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። አባት በወር 15,000 ብር ደመወዝ በእጁ ይገባል፤ እናት ወጪዋን ችላ 6,000 ብር ያህል ይተርፋታል። አባት ባለ ሦስት ክፍል ቤት እንዳለውና ልጆቹን የግል ትምህርት ቤት ማስተማር እንደሚችል ገልጾ ልጆቹ ከእሱ ጋር እንዲኖሩ ይጠይቃል። እናት የምትኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ቤት ነው።

ዳኛው በሁለቱ ቃል ብቻ ካልረካ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሁለቱንም ቤት እንድታይ ያዝዛል። የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ። ልጁ ሲታመም ጤና ጣቢያ የሚወስደው ማን ነው? ከትምህርት ቤት ሲደወል የሚሄደውስ? ማታ የሚያስተኛቸው ማን ነው? አባት ንጋት ላይ ወጥቶ ማታ እንደሚመለስ፣ ልጆቹም ቀኑን ሙሉ በቅርብ ከተቀጠረች ሠራተኛ ጋር ሊውሉ እንደሆነ ይታወቃል። የልጅቷ መምህር የቤት ሥራዋን ተከታትላ የምታሠራት እናቷ መሆኗን ይናገራሉ። ልጅቷም ወላጆቿ በሌሉበት ትጠየቃለች። ሐሳቧ ይመዘናል እንጂ ፍርዱን እንድትሰጥ አይደረግም። አንዱ ወላጅ ያስጠናት ልጅ ብዙ ጊዜ የአዋቂ አነጋገር ትናገራለች፣ ለምን እንዳለች ስትጠየቅም ከቤት ኑሮዋ አንድም ነገር ጠቅሳ ማስረዳት ያቅታታል፤ ልምድ ያለው ጠያቂ ይህን ይለያል።

በዚህ ምሳሌ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩ፣ አባትም ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ እንዲወስዳቸው መወሰኑ ተገቢ ነው። ውጤቱን የሚቀይሩ ነገሮች አሉ። እናት ልጆቹን የምትደበድብ ቢሆን ወይም ለወራት ጥላቸው የምትሄድ ብትሆን ሚዛኑ ወደ አባት ያጋድል ነበር። የአንድ ክፍል ቤት መጥበብ ግን ብቻውን ይህን ያህል አይመዝንም።

ቀለቡ ቀጥሎ ይመጣል። ሕጉ ከደመወዝ ይህን ያህል በመቶ ይቆረጥ የሚል ቋሚ ልክ አላስቀመጠም። የሚመዘኑት የተቀባዩ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ናቸው። ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም አሉበት። የሁለቱ ልጆች ወጪ ተደምሮ በወር 8,000 ብር ቢሆን፣ አባት ለራሱ መኖሪያና መጓጓዣ የሚያስፈልገው ታይቶ 5,000 ብር እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል። የቀረውን 3,000 ብር እናት ትሸፍናለች፤ የዕለት ተዕለት ጉልበቷም በእሷ በኩል ያለ መዋጮ ነው። አባት ደመወዝተኛ በመሆኑ ፍርድ ቤቱ ለአሠሪው ጽፎ ገንዘቡ በየወሩ ተቆርጦ በእናት የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ ይችላል። አስቸጋሪው ከፋዩ ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ሲሆን ነው። ያኔ ገቢውን የሚያሳይ ወረቀት ስለማይገኝ የንግድ ፈቃድ፣ የተሽከርካሪ ሊብሬ፣ የባንክ እንቅስቃሴና የምስክር ቃል በማስረጃነት መቅረብ አለባቸው።

ወላጆች ተስማምተው ቢፋቱም ዳኛው ስምምነቱን እንዳለ አያጸድቅም፤ የልጆቹን ጥቅም በበቂ የማያስጠብቅ ሆኖ ካገኘው ጉድለቱን ያርማል። ቀለቡ የልጁ መብት ስለሆነ እናት ወይም አባት ለራሳቸው ሰላም ሲሉ አሳልፈው ሊሰጡት አይገባም። በተመሳሳይ ምክንያት «ልጄን አላሳይ አለችኝ» ብሎ ቀለብ ማቋረጥም ሆነ «ቀለብ አልከፈለም» ብሎ ልጁን መከልከል ልጁን ይጎዳል እንጂ ሌላኛውን ወላጅ አይቀጣም። ሁለቱም በአፈጻጸም መዝገብ በየራሳቸው የሚጠየቁ ጉዳዮች ናቸው።

ውሳኔው ለዘለዓለም የታተመ አይደለም። ኑሮ ሲወደድ፣ ልጁ ትምህርት ሲጀምር፣ ከፋዩ ከሥራ ሲወጣ ወይም ልጁን የያዘው ወላጅ ሲታመም በማስረጃ ተደግፎ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ከፋዩ ግን ፍርድ ቤት ሳይፈቅድለት በራሱ ሥልጣን መቀነስ አይችልም። ቀለብ ተቀባዩም መዘግየት የለበትም። ሳይከፈል የቀረ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የመጠየቅ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ወር ሲዘለል ሁለተኛውን ሳይጠብቁ የፍርዱን ግልባጭ ይዞ ወደ ችሎቱ መሄድ ያስፈልጋል።