የትውስታ ዳግም መጽናት

የትውስታ ዳግም መጽናት ማለት በአንጎል ውስጥ ጸንቶ የተቀመጠ ትውስታ ሲታወስ ለጥቂት ሰዓታት የሚላላበትና ከዚያም እንደገና የሚጸናበት ሂደት ነው። በላላበት ጊዜ ትውስታው ሊዳከም፣ ሊጠነክር ወይም አዲስ መረጃ ሊቀላቀልበት ይችላል።

የመጀመሪያው መጽናት

አዲስ ትውስታ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቀላሉ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙባቸው ቦታዎች መጠንከር አለባቸው፤ ለዚህም ሕዋሳቱ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ። ይህ ሂደት በአንድ ትውስታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚካሄድ ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር።

የ2000 ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደር፣ ግሌን ሻፌ እና ጆሴፍ ለዱ ይህን እምነት የሚፈትን ሙከራ አሳተሙ። ተመራማሪዎቹ ለአይጦች አንድ ድምፅ አሰምተው በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ከዚያ በኋላ አይጦቹ ድምፁን ሲሰሙ በፍርሃት ባሉበት ደርቀው ይቀሩ ነበር።

በማግስቱ ድምፁን ያለ ንዝረት አንድ ጊዜ ካሰሟቸው በኋላ፣ ፍርሃትን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል በአሚግዳላ ውስጥ አኒሶማይሲን ጨመሩ። ይህ መድኃኒት ፕሮቲን እንዳይሠራ ይከለክላል። ከ4 ሰዓት በኋላ ፍርሃቱ እንዳለ ነበር፤ በቀጣዩ ቀን ግን በጣም ቀንሶ ተገኘ። ድምፁን ሳይሰሙ መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ፍርሃታቸው አልቀነሰም። ድምፁን ሰምተው ከ6 ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ የተሰጣቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ትውስታውን ለጉዳት ያጋለጠው መድኃኒቱ ብቻውን ሳይሆን ማስታወሱ ነው፤ የተጋለጠበት ጊዜም አጭር ነው።

ከፍርሃት መለማመድ ያለው ልዩነት

ድምፁ ያለ ንዝረት ደጋግሞ ቢሰማም ፍርሃት ይቀንሳል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የድሮው ትውስታ አልተለወጠም፤ «አሁን አደጋ የለም» የሚል አዲስ ትውስታ ከጎኑ ተቀመጠ እንጂ። ስለዚህ ፍርሃቱ ከጊዜ በኋላ ወይም አይጡ እንደገና ሲነዘር ሊመለስ ይችላል። ዳግም መጽናት ሲከለከል ግን በብዙ ሙከራዎች አልተመለሰም። ያም ሆኖ ትውስታው በእርግጥ ጠፋ ወይስ ማውጣት ብቻ ተሳነ የሚለው አሁንም ያከራክራል።

በሰዎች ላይ

እ.ኤ.አ. በ2009 ሜሬል ኪንት እና ባልደረቦቿ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ለፈቃደኞች ሰጥተው የፍርሃት ትውስታቸውን ቀሰቀሱ። በማግስቱ የድንጋጤ ምላሻቸው ቀነሰ፤ የትኛው ምስል ንዝረት እንደሚያስከትል ግን አልረሱም። የተለወጠው የትውስታው ስሜት እንጂ እውቀቱ አልነበረም። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም።

ገደቦች

ማስታወስ ሁሉ ትውስታን አያላላም። ያረጁና በጣም የጠነከሩ ትውስታዎች ለመላላት ያስቸግራሉ። ብዙ ጊዜ ትውስታው የሚላላው ሲታወስ ከተጠበቀው የተለየ ነገር ሲያጋጥም ነው፤ ለምሳሌ ድምፁ ተሰምቶ ንዝረቱ ሲቀር።